ለአንድ ቦታ አብራችሁ የተወዳደራችሁት ባልደረባ ዕድገቱን ሲያገኝ እንኳን ደስ አለህ እንዴት ይባላል

ባንክ ነው የምሰራው፣ ቅርንጫፍ ላይ። እስካሁን ሁለት ጊዜ አጠገቤ ከሚሰራ ሰው ጋር ለአንድ ቦታ ተወዳድሬ ሁለቱንም ጊዜ ቦታው የሌላው ሆኗል። የመጀመሪያው ጊዜ እንኳን ደስ አለህ ማለቱን አበላሸሁትና ከልጁ ጋር ሳንጣላ ተኮራርፈን ወራት ከረምን፣ ሁለተኛው ጊዜ ግን አስቤበት ስለነበር ጥሩ ሄደልኝ፣ ያቺ ልጅ ዛሬ የቅርብ አለቃዬ ናት እና በሰላም እየሰራን ነው። እዚህ የምጽፈው ተሸናፊው ምን ያድርግ የሚለውን ነው፣ ያሸነፈው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ምሳሌዎቹን ለሴት አድርጌ ነው የምጽፋቸው፣ ለወንድ ሲሆን እናንተ ቀይሩት።

1. ውጤቱ ሳይወጣ በፊት አንዴ አውሩበት

ቅርንጫፍ ውስጥ የውስጥ ማስታወቂያ ሲወጣ ማን እንዳመለከተ በሁለት ቀን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ስለዚህ ሁለታችሁም እንደማታውቁ ሆናችሁ መክረም ትርጉም የለውም። እኔ ከጽሁፍ ፈተናው በኋላ ኢንተርቪው ሳይደርስ ምሳ ላይ እንዲህ አልኳት፦ «ከሁለታችን አንዳችን ልናልፍ እንችላለን፣ ያለፈው አይደብቅ፣ ያላለፈው ደሞ ቀጥ ብሎ መጥቶ እንኳን ደስ አለህ ይበል»። ሳቀችና እሺ አለች፣ ሌላ ነገር አላወራንም።

ይሄ ለምን እንደጠቀመ በኋላ ነው የገባኝ። ብዙ ጊዜ ያለፈው ሰው ከሌላው ቀድሞ ይሰማል፣ ማናጀሩ ቢሮ ጠርቶ ይነግረዋል ወይ ከዋናው መስሪያ ቤት የሚያውቀው ሰው ይደውልለታል፣ ደብዳቤው እስኪወጣ ግን ዝም በል ይባላል። እና ያ ሰው ለሁለት ለሶስት ቀን አይናችሁን ማየት ያቅተዋል፣ ምሳ አብሮ መውጣት ይተዋል፣ እናንተ ደሞ ገና ሳይሾም ኮራ ብላችሁ ትቀየማላችሁ። ቀድማችሁ ካወራችሁ ግን ያ ዝምታ ኩራት እንዳልሆነ ትረዳላችሁ፣ እሱም ሲነግራችሁ አይጨንቀውም።

2. በዚያው ቀን፣ ግን መጀመሪያ ራሳችሁን አረጋጉ

የኔ ሁለተኛው ውጤት የወጣው ሐሙስ አስር ሰዓት አካባቢ ነው፣ ደብዳቤው በኢሜይል መጣ ከዛ ፕሪንት ተደርጎ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ፊት ለፊቴ ደንበኛ ነበር፣ የእሳቸውን ጨርሼ ወጣሁ፣ ጓሮ በኩል ውሃ ጠጣሁ፣ ባለቤቴ ጋ ደውዬ «አልሆነም፣ እሷ አልፋለች» አልኳት፣ የተናደድኩትንም ያዘንኩትንም ለእሷ ተነፈስኩ። አስር ደቂቃ ቢሆን ነው። ይሄን ነገር አትዝለሉት፣ ምክንያቱም ቅሬታውን ከመስሪያ ቤቱ ውጪ ላለ ሰው ካልተነፈሳችሁት እንኳን ደስ አለሽ ስትሉ በድምጻችሁ ውስጥ ይወጣል፣ ሰው ደሞ ቃሉን ሳይሆን ድምጹን ነው የሚሰማው።

ከዛ ጠረጴዛዋ ጋ ሄድኩ፣ ደንበኛ እስኪጨርስላት ትንሽ ጠበቅኩ፣ እዛው ቆሜ ነገርኳት። ቢሮ ጠርቶ በር ዘግቶ ማውራት አያስፈልግም፣ ሁሉም እያየ ጮክ ብሎ መጨበጥም ትርኢት ይመስላል፣ ሁለት ሶስት ሰው ሊያይ የሚችልበት ቦታ በቂ ነው። ሰላምታችሁ በፊት ትከሻ ለትከሻ ከነበረ ትከሻ ለትከሻ ይሁን፣ መጨባበጥ ከነበረ መጨባበጥ። ሁልጊዜ ትከሻ ትሳሳሙ የነበራችሁ ሰዎች በዛ ቀን እጅ ብቻ ከዘረጋችሁ ሌላ ነገር ሳትናገሩ ተናግራችኋል።

እንባ ከመጣባችሁ ወይ ፊታችሁ እሺ ካላላችሁ ግን አትሂዱ። በስልክ «አሁን ደብዳቤውን አየሁት፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ ጠዋት በአካል እመጣለሁ» ብላችሁ ጻፉና ጠዋት ስራ ሳይጀመር ሂዱ። ሌላ ቅርንጫፍ ከሆነች ደግሞ ደውሉ፣ ቴክስት ብቻ አይበቃም።

ያበላሸሁት የመጀመሪያው ጊዜ ላይ የሆነው ይሄው ነው። ዛሬ ነገ እያልኩ አራት ቀን አለፈ፣ በየቀኑ ማለቱ እየከበደ ሄደ፣ በመጨረሻ ማታ ሶስት ሰዓት ላይ በቴሌግራም «ኮንግራ» ብዬ ላክሁለት። እሱም «ታንክስ» አለኝ። በቃ ያን ያህል ነው፣ በማግስቱ ስንገናኝ ሁለታችንም ስልካችንን እያየን ተላለፍን።

3. ምን ይባላል፣ ምን አይባልም

አጭር ይሁን። «እንኳን ደስ አለሽ» የሚለው ራሱ ሙሉ ነው፣ ከዛ አንድ ስለ እሷ የሆነ እውነተኛ ነገር ጨምሩበትና አቁሙ። እኔ ያልኳት ይሄን ነበር፦ «እንኳን ደስ አለሽ። ባለፈው ሰኔ 23 ሂሳብ ስንዘጋ ካሹ አልመታ ብሎ ሁላችንም ተስፋ ስንቆርጥ አንቺ ነሽ ቁጭ ብለሽ ያገኘሽው፣ እኔ ያን ቀን አልረሳውም»። ለማያውቅ ሰው፣ ሰኔ 23 ባንኮች የዓመቱን ሂሳብ የሚዘጉበት ቀን ነው፣ ማታ ድረስ እንቆያለን።

ያቺን ቀን የመረጥኩት እውነት ስለሆነች ነው፣ ሁለታችንም እዛ ነበርን። «ይገባሻል» ማለቱን ግን ትቼዋለሁ፣ ምክንያቱም በዛ ሰዓት ይገባታል ብዬ ሙሉ በሙሉ አላመንኩም ነበር፣ እኔም ይገባኛል ብዬ ነበር ያመለከትኩት። ያላመናችሁትን ከተናገራችሁ ሰውየው ያውቃል፣ ደሞ ከተፎካካሪ አፍ ሲወጣ «ይገባሻል» ትንሽ ዳኛ የመሆን ነገር አለው። የምታምኑበት ከሆነ በሉት። ካልሆነ ግን ሰውየው በደንብ የሰራውን አንድ ነገር ፈልጉ፣ ሁልጊዜም አንድ ነገር አይጠፋም፣ እና እሱን በስሙ ጥሩት።

አሁን ደሞ ጥሩ እየመሰሉ የሚያበላሹትን ልንገራችሁ። «ዕድለኛ ነሽ» አትበሉ፣ ሰርታ ሳይሆን ዕድል ሆኖላት ነው ያገኘችው እንደማለት ነው የሚሰማት። «ለኔም እግዜር ያዘጋጀው ይኖራል» የሚለው ለራስ መጸለይ ነው፣ ቤት ሄዳችሁ ብትሉት ጥሩ ጸሎት ነው፣ ለእሷ ስትነግሯት ግን እንድታጽናናችሁ ነው የምትጋብዟት። «አንቺ ካገኘሽው እኔ እንዳገኘሁት ነው» የሚለውን ማንም አያምንም። «እንኳን ደስ አለሽ፣ ግን ኢንተርቪው ላይ ምን ጠየቁሽ» የሚለው ደሞ ከሁሉም የከፋ ነው፣ የኢንተርቪው ወሬ በዛ ሳምንት ጨርሶ አይነሳ። ጋብዢን የሚለውንም ሌሎቹ ይበሉት፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ ከእናንተ ሲመጣ ቀልዱ ይከብዳል።

«ሹመት ያዳብር» የሚባለው የድሮ አባባል አለ፣ እኔ በጣም ነው የምወደው፣ ግን ቦታ አለው። ዕድሜያችሁ ከእሷ ከበለጠ ያምራል። እኛ ቅርንጫፍ አንድ ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ፣ በልጃቸው ዕድሜ ከሚሆን ልጅ ጋር ተወዳድረው ልጁ አለፈ፣ እሳቸው ተነስተው ሄደው «ሹመት ያዳብርልህ ልጄ፣ ከዚህም ከፍ ያለ ቦታ ያድርስህ» አሉት፣ ልጁ አንገቱን ደፍቶ አሜን አለ። በዛ ዕድሜ ላይ ምርቃት ከእንኳን ደስ አለህ ይሻላል፣ ምክንያቱም ታላቅነታቸውን ይዘው ነው ደስታቸውን የገለጹት፣ ልጁም ከዛ በኋላ እርስዎ እያለ ነው ሲያዛቸው የነበረው። እኩያ ለእኩያ ሲባል ግን ከልብ ቢሆንም ሊያላግጥ ነው ሊያስብል ይችላል፣ ስለዚህ ለእኩያ ተራውን እንኳን ደስ አለህ በሉት።

4. «አንተም እኮ ይገባህ ነበር» ስትላችሁ

ትላለች። አብዛኛው ሰው ይላል፣ ስለሚያፍር። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚንሸራተተው፣ ምክንያቱም በሩ ተከፍቷል፣ «አዎ እኔም ደንግጫለሁ» ብሎ መጀመር ቀላል ነው፣ ከዛ ሩብ ሰዓት ስለ እናንተ ይወራል እና እሷ ያገኘችው ነገር ዕዳ ይሆንባታል። «አመሰግናለሁ፣ የኔን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን፣ አሁን አንቺ ደስ ይበልሽ» በሉና ወደ ስራችሁ ሂዱ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም ሁሉም ነገር፣ መሙላትም የለበትም።

5. ግሩፕ ላይ

ማናጀሩ ደብዳቤውን የቅርንጫፉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፈዋል፣ ከስሩ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ እያለ ይሰለፋል። በአካል ብትነግሯትም እዚህም ጻፉ፣ ሰው ማን እንደጻፈ ማን እንዳልጻፈ ያያል፣ በተለይ የእናንተን ስም ይፈልጋል። አንድ መስመር በቂ ነው፣ «እንኳን ደስ አለሽ፣ መልካም የስራ ዘመን»። የመጀመሪያው ሰው መሆን አይጠበቅባችሁም። ረጅም አንቀጽ ግን አትጻፉ፣ እሳት ምልክት ብቻ ተጭናችሁም አትለፉ።

6. ሊያጽናኗችሁ የሚመጡት ሰዎች

እኔ ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው፣ ለእሷ ከመንገሩም በላይ። እንኳን ደስ አለሽ ያላችሁት አንድ ጊዜ ነው፣ ከዛ በኋላ ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ሰው እየመጣ «አንተ ነበርክ የሚገባህ» ይላችኋል። አንዳንዱ ከልቡ ነው፣ አንዳንዱ ምን እንደምትሉ ሊሰማ ነው። «ሰው አላት እኮ»፣ «ያው ቀድሞ የተወሰነ ነው ኢንተርቪው ለይስሙላ ነው» ምናምን ይላሉ። እናንተ ዛሬ የምትመልሱት ነገር ነገ ጠዋት እሷ ጋ ይደርሳል፣ ትንሽ ጨምሮ።

ችግሩ ደሞ እኛ ሳናስበው የምንመልሳቸው መልሶች ናቸው። «ምን ይደረግ» ስትሉ ተበድያለሁ ማለት ነው። «ተወው ባክህ» ስትሉ ልክ ነህ ግን አታንሳብኝ ማለት ነው። «እግዜር ያውቃል» ደግሞ ክስ ነው፣ ግፍ ተሰርቶብኛል እሱ ይፍረድ ነው የሚመስለው። እየሳቁ ራስ መነቅነቅም እንደዛው። ሐሜት ሳታወሩ ሐሜተኛ ትሆናላችሁ። እኔ የተጠቀምኩት አንድ መልስ ነው፣ ለሁሉም ሰው ያንኑ፦ «ተወዳደርን፣ እሷ አለፈች፣ ጎበዝ ናት። ቡና እንጠጣ?» መጨረሻ ላይ ወሬ የሚቀይር ነገር ያስፈልጋል፣ ካልሆነ ሰውየው ቆሞ ይጠብቃል። ያንኑ መልስ ሶስቴ አራቴ ከሰማ በኋላ ሰው ይሰለቸዋል እና ይተዋል፣ በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ እኔ ጋ የሚመጣ አልነበረም። በኋላ እሷ ራሷ ነገረችኝ፣ አንዱ ሰው ሄዶ «አኩርፎብሻል» ብሏት ሌላው ሰው እዛው «ኧረ እኔ ጋ ጎበዝ ናት ነው ያለኝ» ብሎ መለሰላት።

7. አሰራሩ ላይ ቅሬታ ካላችሁ

እንኳን ደስ አለሽ ማለት መብታችሁን አይነጥቅም፣ ሁለቱን ግን አትቀላቅሏቸው። መጀመሪያ ሂዩማን ሪሶርስ ሄዳችሁ የራሳችሁን ውጤት ጠይቁ። ብዙ ቦታ ላይ የጽሁፍ ፈተና፣ ኢንተርቪውና የስራ አፈጻጸም ነጥብ ተደምሮ ነው የሚወሰነው፣ «የት ላይ ነው ያነስኩት» ብላችሁ በተናጠል ብታዩት ነገሩ ሊለወጥ ይችላል። እኔ ስጠይቅ ኢንተርቪው ላይ እንደሆነ አወቅኩ፣ ጽሁፉ ላይ እኔ ነበርኩ የበለጥኩት፣ ያንን ካየሁ በኋላ ተጭበርብሬ ነው የሚለው ነገር ከውስጤ ወጣ። የእሷን ነጥብ ግን ከእሷ አትጠይቁ፣ ነግራችሁ ብትበልጧት ደሞ ሌላ ጣጣ ነው።

እውነትም ስህተት አለ ካላችሁ በጽሁፍ ቅሬታ ታስገባላችሁ። የማስገቢያው ጊዜ አጭር ነው የሚሆነው፣ የመስሪያ ቤታችሁን መመሪያ ወይ ህብረት ስምምነቱን ዛሬውኑ አንብቡ፣ የሰራተኛ ማህበር ካለ እዛ ጠይቁ። እና ቅሬታውን ካስገባችሁ እሷ ከሌላ ሰው ሳትሰማ ራሳችሁ ንገሯት፣ «ቅሬታ አስገብቻለሁ፣ በአሰራሩ ላይ ነው፣ ከአንቺ ጋር ምንም ጸብ የለኝም፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው»። ደስ አይላትም፣ ግን ከኋላዋ የዞራችሁ አይመስላትም። ቅሬታ ልታስገቡ እያሰባችሁ ከሆነ የእንኳን ደስ አለሽውን ነገር በጣም አጭር አድርጉት፣ ምስጋናና ውዳሴ አትደርድሩ፣ በሶስተኛው ቀን የቅሬታ ደብዳቤው ሲመጣ ውሸታም ነው የሚያስብላችሁ።

8. መዋጮና ግብዣ

ቅርንጫፉ ስጦታ ልግዛ ብሎ ሲያዋጣ ሌላው ሰው ያወጣውን ያህል አውጡ። ሰው አምስት መቶ ብር ካወጣ አምስት መቶ፣ አንድ ሺህ ብታወጡ ይወራል፣ ሁለት መቶ ብታወጡም ይወራል። እሷ ስትጋብዝ ደሞ ሂዱ፣ የዛን ቀን ሰበብ አያዋጣም፣ እናት ብትታመም እንኳን ሰው አያምንም። ግብዣው ላይ የሆነ ሰው «አንተም አንድ ነገር በል እንጂ» ማለቱ አይቀርም፣ ስለዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ ሂዱ። እኔ የሰኔዋን ታሪክ ደግሜ ነገርኳቸው፣ እዛ የነበሩት ሁሉ የየራሳቸውን ጨመሩበትና ወሬው ወደዛች ሌሊት ሄደ፣ ስለ ውድድሩ ማንም አላነሳም። ስለ ውድድሩ ቀልድ ከተነሳ ሳቁ፣ አትጨምሩበት። መጠጥ የምትጠጡ ከሆነ ያን ቀን ቀንሱ፣ የታፈነ ነገር የሚወጣው እዛ ነው።

9. አለቃ ሆና የምትመጣበት ሰኞ

ትልቁ ጥያቄ አጠራር ነው። ትናንት አንቺ ያላችኋትን ዛሬ እርስዎ ብትሉ እሷም ትደነግጣለች፣ ሰውም አሽሙር ነው የሚለው። ደንበኛ ፊት አንቺ ማለት ደግሞ ስራዋን ያከብድባታል። እኔ ቀጥታ ጠየቅኳት፣ «ደንበኛና አዲስ ሰራተኛ ፊት እንዴት ልጥራሽ?» አልኳት፣ «ደንበኛ ፊት ማናጀሯ በለኝ፣ ሌላው እንደድሮው ይሁን» አለች፣ አለቀ። ይሄን ለእሷ ትታችሁ ብትጠብቁ ራሷ ለማንሳት ታፍራለች።

ሌላው ደሞ የመጀመሪያው ትዕዛዝ ነው። የሆነ ቀላል ነገር ታዛችኋለች፣ የካሸሮቹን የምሳ ሰዓት ተራ አውጣልኝ ምናምን፣ እና ሁለታችሁም በልባችሁ ያንን ነገር ትቆጥሩታላችሁ። በሰዓቱ ስሩት፣ እንደሌላው ቀን። ዘግይታችሁ ብትሰጡ እንኳን ደስ አለሽ ያላችሁትን እንደገና ታስበዋለች፣ ከተጠየቃችሁት በላይ አሽሞንሙናችሁ ብትሰጡም ልታሳዩዋት እንደፈለጋችሁ ታስባለች።

ጊዜው ካለፈባችሁ

ይሄን ስታነቡ ሳምንት ወይ ወር አልፎ ከሆነ አሁንም ይባላል፣ ግን እንዳልዘገየ ሆኖ መምጣት አይቻልም። በዓል ወይ የሆነ አጋጣሚ አትጠብቁ፣ እንኳን አደረሰሽ ውስጥ ደብቃችሁም አታስገቡት። ብቻዋን ስትሆን ሂዱና መዘግየቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አምናችሁ ተናገሩ፣ ምክንያት አትደርድሩ፦ «እንኳን ደስ አለሽ ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው፣ ከብዶኝ ነው የዘገየሁት፣ ይቅርታ»። ለመጀመሪያው ልጅ እኔ ይሄን ያልኩት ከአምስት ወር በኋላ ነው፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ተገናኝተን። «እኔም እኮ መጥቼ ላዋራህ ፈልጌ ምን ልበለው ብዬ ነው የቀረሁት» አለኝ፣ ሰልፉ ረጅም ስለነበር ሌላም ሌላም አወራን።